ተበድሮ የሸጡትን መመለስ፦ የአክሲዮን ሾርት ሽያጭ እና የአምሳያ መታጣት በፊቅህ ሚዛን

የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ተከፍቶ የወጋገን ባንክ አክሲዮን በመጀመሪያነት ከተመዘገበበት ጊዜ ወዲህ፣ ስለ አክሲዮን ግብይት ሸሪዓዊ ድንጋጌ የሚቀርቡልን ጥያቄዎች በርክተዋል። አብዛኞቹ የኩባንያውን የሥራ ዘርፍና ከወለድ ጋር ያለውን ንክኪ የሚመለከቱ ናቸው፤ ለእነርሱም መልስ የሚሰጡ ጽሑፎች አሉ። ባለሀብቱ የራሱ ያልሆነውን አክሲዮን ተበድሮ ስለሚሸጥበት ውል ግን በአማርኛ የተጻፈው እጅግ ጥቂት ነው። በውጭ ገበያዎች ይህ ውል «ሾርት ሴሊንግ» ይባላል፤ እኛም በዚህ ጽሑፍ «ሾርት ሽያጭ» እንለዋለን። ውሉ የዳበረው በአውሮፓና በአሜሪካ ገበያዎች ስለሆነ ዋናውን ምሳሌ የምንወስደው ከጀርመን ነው። መግቢያውን ግን ለአንባቢ ከሚቀርበው፣ ከወሎ የእህል ብድር እናደርጋለን።

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ፣ መርሳ ከመድረሱ በፊት ባለችው በውርጌሳ፣ የሚኖር አንድ ሰው በመስከረም ወር ከጎረቤቱ አንድ ኩንታል ማሽላ ተበደረ እንበል። ወሩ የአሮጌው እህል ማለቂያ፣ አዲሱም ገና በማሳ ያለበት ስለሆነ ዋጋው ውድ ነው። ተበዳሪው ማሽላውን አልበላውም፤ ገበያ አውጥቶ በ5,000 ብር ሸጠው። ሐሳቡ በታኅሣሥ አዝመራው ሲገባ ዋጋው ይወርዳል የሚል ነው። እንዳሰበውም ኩንታሉ 3,500 ብር ቢገባ፣ በዚያው ገንዘብ አንድ ኩንታል ገዝቶ ለጎረቤቱ ይመልሳል፤ 1,500 ብርም በእጁ ይቀራል። ጎረቤቱ የሰጠውን ያህል፣ በዚያው ዓይነትና በዚያው መጠን አግኝቷልና ቅር የሚለው ነገር የለም።

አሁን ደግሞ አዝመራው አልገባም እንበል። በ2013 ዓ.ም. መባቻ የበረሃ አንበጣ በሰሜን ወሎ የደረሰ ማሽላ ላይ እንዳረፈው ያለ ነገር ቢመጣና ኩንታሉ 9,000 ብር ቢደርስ፣ ተበዳሪው ያለበት ዕዳ ብር ሳይሆን ማሽላ ነውና በ9,000 ብር ገዝቶ መመለስ ይኖርበታል። በ5,000 ብር ሸጦ በ9,000 ብር ስለገዛ 4,000 ብር ከሰረ ማለት ነው። አዲስ ስሙና የአገናኞቹ ብዛት ካልሆነ በቀር ሾርት ሽያጭ በመሠረቱ ይኸው ነው። በአንድ ነገር ብቻ ይለያል፤ የእህል ተበዳሪው ብዙውን ጊዜ የሚበደረው ለመብላት ወይም ለዘር ሲሆን፣ የአክሲዮን ተበዳሪው በአብዛኛው የሚበደረው በዋጋ መውረድ ለማትረፍ ነው።

የውሉ አካሄድ

በአክሲዮን ገበያ ተበዳሪው አበዳሪውን አያውቀውም። በመካከላቸው ያለው ደላላው፣ ማለትም ፈቃድ ያለው የግብይት አገናኝ ድርጅት ነው። ደላላው አክሲዮኑን ለረጅም ጊዜ ይዘው ከሚያስቀምጡ ደንበኞች፣ ለምሳሌ ከጡረታ ፈንዶች፣ ያገኛል። ተበዳሪው ለብድሩ ክፍያ ይከፍላል፤ ክፍያውም በዓመት በመቶኛ ይሰላል። ኩባንያው በመካከሉ የትርፍ ድርሻ ቢያከፋፍል ድርሻውን የሚቀበለው አክሲዮኑን የገዛው ሦስተኛ ወገን ስለሆነ፣ ተበዳሪው የዚያኑ ያህል ከኪሱ አውጥቶ ለአበዳሪው ይከፍላል። ከዚህም በላይ ደላላው መያዣ ይጠይቃል።

የመያዣውን ነገር በቁጥር ማየት ይሻላል፤ አደጋው የሚገለጠው እዚህ ላይ ነውና። አንድ ሰው እያንዳንዱ 300 ብር የሚያወጣ 100 አክሲዮን ተበድሮ ሸጠ፤ 30,000 ብር አገኘ። ደላላው ይህን ገንዘብ አይለቅለትም። በላዩ የራሱን 15,000 ብር ጨምሮ እንዲያስይዝ ያደርገዋል፤ በሒሳቡ ያለው ጠቅላላ ገንዘብ 45,000 ብር ይሆናል። የአክሲዮኑ ዋጋ ወደ 200 ብር ቢወርድ በ20,000 ብር ገዝቶ ይመልሳል፤ ክፍያዎቹ ሳይቀነሱ 10,000 ብር ያተርፋል። ኩባንያው ፈጽሞ ቢከስርና አክሲዮኑ ዋጋ ቢስ ቢሆን የሚያተርፈው 30,000 ብር ነው። ዋጋ ከዜሮ በታች ስለማይወርድ ከዚህ በላይ ትርፍ የለም።

በሌላው አቅጣጫ ግን ወሰን የለም። ዋጋው 350 ብር ሲደርስ አክሲዮኑን ገዝቶ ለመመለስ 35,000 ብር ያስፈልጋል፤ ከ45,000 ብሩ የሚተርፈው የራሱ ገንዘብ 10,000 ብር ብቻ ነው። ደላላው የተበዳሪው የራሱ ገንዘብ ከአክሲዮኑ ወቅታዊ ዋጋ ከመቶ 30 እንዳያንስ የሚጠይቅ ከሆነ፣ 10,500 ብር መኖር ነበረበትና ተጨማሪ መያዣ እንዲያስገባ ይታዘዛል። ካላስገባ ደላላው እርሱን ሳይጠብቅ አክሲዮኑን ከገበያ ገዝቶ ብድሩን ይዘጋል። ዋጋው 450 ብር ሲደርስ ያስያዘው 15,000 ብር አልቋል። 600 ብር ከደረሰ ደግሞ ኪሳራው 30,000 ብር ነው፤ ያስያዘውን ሁሉ ካጣ በኋላ ሌላ 15,000 ብር ዕዳ ይቀርበታል ማለት ነው። በገንዘቡ አክሲዮን የገዛ ሰው ቢበዛ የከፈለውን ያጣል። ተበድሮ የሸጠ ሰው ግን የሚያጣው ነገ ሌሎች ሰዎች ለዚያ አክሲዮን ለመክፈል የሚፈቅዱትን ሁሉ ነው፤ ለዚያ ደግሞ አስቀድሞ የተቀመጠ ጣሪያ የለም።

ብዙዎች የማያስተውሉት ሌላም ነገር አለ። አክሲዮን ገዝቶ የዋጋ መውረድ የገጠመው ሰው ችግሩ እየባሰ በሄደ ቁጥር በአደጋ ላይ ያለው ንብረቱ እያነሰ ይሄዳል፤ ከፈለገም ዓመታት መታገሥ ይችላል። ሾርት ሻጭ በተቃራኒው ነው፤ ዋጋው በወጣ ቁጥር ዕዳው እያበጠ፣ የሚጠየቀው መያዣም እየጨመረ ይሄዳል። ስለዚህ ግምቱ በመጨረሻ ትክክል ሆኖ እንኳ፣ ትክክለኛነቱ እስኪገለጥ ድረስ የመቆያ ገንዘብ ላይኖረው ይችላል።

የ2008ቱ የቮልክስዋገን እመቃ

የተበደሩ ብዙዎች በአንድ ጊዜ አክሲዮን ለመግዛት ሲገደዱ የሚፈጠረውን ሁኔታ ነጋዴዎቹ «ሾርት ስኩዊዝ» ይሉታል፤ እኛ እመቃ ብንለው ይገልጸዋል። ተበድሮ ሻጩ በበዛበት ገበያ ዋጋ ሲወጣ፣ ተበዳሪዎቹ መያዣ ሲያልቅባቸው ይገዛሉ፤ ግዢያቸው ዋጋውን ይበልጥ ያወጣዋል፤ የወጣው ዋጋ ደግሞ ሌሎቹን ተበዳሪዎች እንዲገዙ ያስገድዳቸዋል። የሚገዙት አክሲዮኑን ወደውት ሳይሆን ከዕዳ ለመውጣት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 የገንዘብ ቀውሱ በተፋፋመበት ወቅት፣ ብዙ የኢንቨስትመንት ፈንዶች የጀርመኑ መኪና አምራች የቮልክስዋገን መደበኛ አክሲዮን ከተገቢው በላይ ተወዷል ብለው አስበው ነበር። ግምታቸው መሠረት ነበረው፤ የዚያው ኩባንያ ድምፅ አልባ የቅድሚያ አክሲዮን በጣም ባነሰ ዋጋ ይሸጥ ነበርና። ስለዚህ መደበኛውን እየተበደሩ ሸጡት። ተበድሮ የተሸጠው መጠን ከኩባንያው መደበኛ አክሲዮኖች ከመቶ 12 አካባቢ ደርሶ ነበር። ይህ በራሱ አስደንጋጭ ቁጥር አልነበረም፤ በገበያ ሊሸጥ የሚችለው አክሲዮን ከዚያ እጅግ የሚበልጥ መስሏቸዋልና።

እሑድ ጥቅምት 26 ቀን 2008 (እ.ኤ.አ.) ፖርሸ የተባለው ሌላው የመኪና ኩባንያ መግለጫ አወጣ። ከቮልክስዋገን መደበኛ አክሲዮኖች ከመቶ 42.6 በእጁ እንዳለ፣ በተጨማሪም ከመቶ 31.5 የሚሆነውን የሚመለከቱ የአማራጭ ውሎች እንደያዘ አስታወቀ። ድምሩ 74.1 ነው። የኒደርዛክሰን ክልል መንግሥት ደግሞ ከመቶ 20 የሚበልጥ ይዟል፤ እርሱም አይሸጥም። ስለዚህ በነፃ ሊሸጥ የሚችለው ከመቶ 6 ያነሰ ሆነ። ከመቶ 12 የሚሆን አክሲዮን ተበድረው የሸጡ ሰዎች፣ ከመቶ 6 በማይሞላ አቅርቦት ዕዳቸውን መመለስ ነበረባቸው።

ዓርብ ዕለት 210 ዩሮ አካባቢ የነበረው አክሲዮን ሰኞ በ520 ዩሮ ተዘጋ፤ ማክሰኞ ጥቅምት 28 በቀኑ መካከል ከ1,000 ዩሮ በላይ ደረሰ። ቮልክስዋገን ለጥቂት ሰዓታት በገበያ ዋጋ የዓለም ትልቁ ኩባንያ ሆነ። ፋብሪካው በሁለት ቀን ውስጥ የተለየ መኪና አልሠራም። ረቡዕ ዕለት ፖርሸ ከመቶ 5 እስከሚደርስ አክሲዮን ለገበያ እንደሚለቅ ሲያስታውቅ ዋጋው በፍጥነት ወረደ። ፈንዶቹ አክሲዮኑ ተወዷል ማለታቸው ስሕተት አልነበረም፤ ዋጋው ኋላ ላይ ወርዷል። ያጠፋቸው የዋጋ ግምታቸው ሳይሆን ዕዳቸው በዓይነት መሆኑና ዓይነቱም በሰው እጅ መቆለፉ ነው። የፖርሸ ሁለት የቀድሞ ኃላፊዎች ገበያን በማዛባት ተከሰው እ.ኤ.አ. በ2016 በሽቱትጋርት ፍርድ ቤት ነፃ ወጥተዋል፤ የአማራጭ ውሎቹ በገንዘብ የሚወራረዱ ስለነበሩ በጊዜው በነበረው ሕግ ይፋ የማድረግ ግዴታ አልነበረባቸውም።

ከዚህ እንደምንረዳው እመቃን አስቀድሞ ለመጠርጠር የሚረዳው፣ ተበድሮ የተሸጠውን ከጠቅላላው አክሲዮን ጋር ሳይሆን በእርግጥ ሊሸጥ ከሚችለው ጋር ማነጻጸር ነው። የብድር ክፍያው በድንገት ሲንር፣ አበዳሪዎችም አክሲዮናቸውን መልሰው መጥራት ሲጀምሩ ምልክቱ ግልጽ ነው። በጥር 2021 (እ.ኤ.አ.) ጌምስቶፕ በተባለው የአሜሪካ የቪዲዮ ጌም መደብር አክሲዮን ላይ ተበድሮ የተሸጠው በገበያ ከሚንቀሳቀሰው ከመቶ 100 በላይ ነበር። ይህ ሐሰተኛ አክሲዮን መኖሩን የግድ አያመለክትም። ዘይድ ለዐምር ያበደረውን ዐምር ለበክር ሲሸጥ፣ በክር የገዛውን በደላላው በኩል መልሶ ሊያበድር ይችላል፤ አንዱ አክሲዮን ሁለት ዕዳ ተሸከመ ማለት ነው። የያኔው ዋጋ በወሩ መጀመሪያ ከ20 ዶላር በታች ነበር፤ ጥር 28 ቀን በቀኑ መካከል 483 ዶላር ደርሷል።

ፊቅሁ የሚመለከተው የት ላይ ነው?

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው አጭር መልስ «ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሐኪም ኢብኑ ሒዛምን የሌለውን እንዳይሸጥ ከልክለውታል፤ ስለዚህ ሾርት ሽያጭ ክልክል ነው» የሚል ነው። ይህ መልስ ለአንዱ ዓይነት ብቻ በቀጥታ ይሠራል፤ ሻጩ አክሲዮኑን ሳይበደር፣ በማስረከቢያው ቀን አገኘዋለሁ ብሎ ለሚሸጠው። እ.ኤ.አ. በ1992 በጅዳ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የፊቅህ አካዳሚ ሰባተኛ ጉባኤም ደላላው በማስረከቢያው ጊዜ አበድርሃለሁ ብሎ ቃል ስለገባ ብቻ ሻጩ የማይመልከውን አክሲዮን መሸጡን አልፈቀደም።

አስቀድሞ ተበድሮ፣ ተረክቦ በሚሸጠው ላይ ግን መልሱ አይበቃም። ቀርድ ከተረከቡት በኋላ የተበዳሪው ንብረት ነው። የውርጌሳው ሰው ማሽላውን ሲሸጥ የጎረቤቱን ሳይሆን የራሱን ማሽላ ነው የሸጠው፤ ለጎረቤቱ ያለበት አምሳያውን የመመለስ ዕዳ ነው። ይህን ልዩነት ዘልሎ የሚያልፍ ፈትዋ ድምዳሜው ትክክል ቢሆን እንኳ ማስረጃው ደካማ ይሆናል። ስለዚህ መመርመር ያለበት ሽያጩ ሳይሆን ብድሩ ነው።

ብድሩ ላይ ሦስት ነገር ይታያል። በመቶኛ የሚሰላው የብድር ክፍያ ለአበዳሪ ጥቅም የሚያስገኝ ቅድመ ሁኔታ ነው፤ በቀርድ ላይ እንዲህ ያለ ጥቅም ሪባ መሆኑ ዑለማዎች የተስማሙበት ነው። «ኪራይ ነው» ማለትም አያዋጣም፤ የሚከራይ ነገር ዓይኑ ሳይጠፋ ተጠቅመውበት የሚመለስ ነው፣ የተሸጠ አክሲዮን ግን ሄዷል። የትርፍ ድርሻው ክፍያ ሁለተኛው ነው፤ አበዳሪው የአክሲዮኑ ባለቤትነት ከእጁ ከወጣ በኋላ የባለቤትነትን ፍሬ ከብድሩ ላይ ተጨማሪ አድርጎ ይወስዳል። ሦስተኛውና ጥልቁ፣ አክሲዮን በእርግጥ አምሳያ ያለው ነገር ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ነው። አክሲዮን በኩባንያው ንብረት ውስጥ ያለ ያልተከፈለ ድርሻ ነው። ንብረቱ በየቀኑ ይለዋወጣል፤ መስከረም ላይ የተበደሩት ድርሻና ታኅሣሥ ላይ የሚመልሱት ድርሻ ስማቸው አንድ ቢሆንም የሚወክሉት ነገር አንድ አይደለም። መቀመጫውን ባሕሬን ያደረገው የሒሳብና ኦዲት ተቋም፣ አዮፊ፣ አክሲዮን ማበደርን የከለከለው በዚሁ ምክንያት ነው። የማሌዥያ የሰነደ ሙዓለንዋይ ኮሚሽን የሸሪዓ አማካሪ ምክር ቤት ደግሞ ቁጥጥር የሚደረግበትን ሾርት ሽያጭ የፈቀደ ሲሆን፣ የብድር ሥርዓት መኖሩ የማስረከብ ጥርጣሬን ያስወግዳል የሚል እይታ አለው። ይህ እይታ የጋረርን ጥያቄ ይመልሳል ብለን ብንቀበል እንኳ፣ የብድር ክፍያውን ጥያቄ በቦታው የሚተወው ይመስለናል።

አምሳያው ሲታጣ

ከላይ ያየነው እመቃ ለፊቅህ ተማሪ እንግዳ አይደለም። ኪታቦቹ «ኢንቂጣዕ አልሚስል»፣ የአምሳያ መታጣት፣ ብለው ያነሡታል። አንድ ሰው እህል ወይም ሌላ አምሳያ ያለው ነገር በዕዳ አለበት፤ የዕዳው ዓይነት ግን ከገበያ ጠፋ። ምን ይከፍላል? በነጠቃ ባብ ሐነፊዮች በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ዋጋውን ይከፍላል። የሚለያዩት የየትኛው ቀን ዋጋ በሚለው ነው። ኢማም አቡ ሐኒፋ የክርክሩን ቀን፣ አቡ ዩሱፍ የነጠቃውን ቀን፣ ሙሐመድ ኢብኑል ሐሰን ደግሞ ነገሩ ከገበያ የጠፋበትን ቀን ይወስዳሉ። በቀርድ ላይ ደግሞ፣ የተበደረው ፍራፍሬ ወቅቱ አልፎ ቢታጣ፣ በዋጋ ካልተስማሙ በቀር አበዳሪው አዲሱ እስኪመጣ ይታገሣል።

ይበልጥ የሚያስገርመው ከሻፊዒያ ሊቃውንት የሚገኘው አንድ አቋም ነው፤ አምሳያው ቢኖርም የሚገኘው ከተገቢው ዋጋው በላይ ብቻ ከሆነ እንደሌለ ይቆጠራል፣ ባለዕዳውም እንዲገዛው አይገደድም የሚል። ይህ የተባለው በነጣቂ ላይ መሆኑን ልብ ይሏል። ነጣቂ በዳይ ሆኖ ሳለ ከተገቢው ዋጋ በላይ እንዲገዛ ካልተገደደ፣ በፈቃድ የተበደረ ሰው ይህ ርኅራኄ ይበልጥ ይገባዋል ለማለት መንገድ አለ።

በዚህ ሚዛን ማክሰኞ ጥቅምት 28 የነበረው 1,000 ዩሮ ምን ነበር? የአክሲዮኑ ዋጋ ነበር ወይስ አክሲዮኑ መታጣቱን የሚናገር ምልክት? ሙሐመድ ኢብኑል ሐሰን ባሉት ብንሄድ፣ ባለዕዳው የሚከፍለው አክሲዮኑ ከመጥፋቱ በፊት በነበረው የመጨረሻ ቀን ዋጋ፣ ማለትም ወደ 210 ዩሮ የሚጠጋ በሆነ ነበር። በአቡ ሐኒፋ እይታ ግን የክርክሩ ቀን ስለሚወሰድ ተበዳሪው ከእመቃው ላያመልጥ ይችላል። ጥቂት አክሲዮን በገበያ ስለነበረ «ታጥቷል» አይባልም የሚልም ይኖራል፤ ይህም ሚዛን የሚደፋ ተቃውሞ ነው።

ይህን የምናነሣው ውሉን ለማስፈቀድ አይደለም፤ ብድሩ ላይ ያሉት ሦስቱ ነገሮች በቦታቸው ናቸው። የምናነሣው የዘመኑ ገበያ ሕግ ኪሳራውን ወሰን የለሽ ያደረገው፣ አምሳያ ሲታጣ ወደ ዋጋ ወይም ወደ ትዕግሥት የሚያሸጋግር በር በውሉ ውስጥ ባለመኖሩ መሆኑን ለማሳየት ነው። የእህል ብድርን የሚያዳኙ ሽማግሌዎች በድርቅ ዓመት ማሽላውን ወደ ብር ሲመልሱት ወይም ብድሩን ለከርሞ ሲያሻግሩት ይህንኑ በር መክፈታቸው ነው።

አንድ ነጥብ ይቀራል። ከፈንዶቹ ብዙዎቹን ያጣደፋቸው አበዳሪዎች አክሲዮናቸውን በማንኛውም ጊዜ መልሰው የመጥራት መብት ያላቸው መሆኑ ነው። በዚህ ጉዳይ የሚበዙት ፉቀሃእ ከገበያው ጋር ይገጥማሉ፤ ቀርድ ቀነ ገደብ ቢቀመጥለትም አበዳሪው በጠየቀ ጊዜ የሚከፈል ዕዳ ነው ይላሉ። ማሊኪዮች ተለይተው፣ የተስማሙበት ቀነ ገደብ አበዳሪውን ያስረዋል ብለዋል። በአገራችን ገበያ ወደፊት የአክሲዮን ብድር ደንብ የሚረቀቅ ከሆነ፣ ብድሩ ያለ ክፍያ ይሁን ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ መታየት ያለበት ይህ የማሊኪዮች ቃል ነው።